ቀኑ ይጠበቅ ወይስ አቅሙ? የሪሶርስ ሌቨሊንግና የሪሶርስ ስሙዚንግ ልዩነት

አንድ ሠራተኛ በቀን ሊሠራው ከሚችለው በላይ ሥራ በዕቅድ ሲጫንበት ከአቅም በላይ ተመድቧል ይባላል። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ባለሙያ ለአንድ ቀን የ16 ሰዓት ሥራ ከተያዘለት፣ ከሥራዎቹ አንዱ በዚያ ቀን እንደማይሠራ ከወዲሁ የታወቀ ነው። ያልታወቀው የትኛው ሥራ እንደሚቀርና የቀረው ሥራ ፕሮጀክቱን ስንት ቀን እንደሚያዘገይ ነው። ይህን ለአጋጣሚ ላለመተው የፕሮጀክት አመራር ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሪሶርስ ሌቨሊንግና ሪሶርስ ስሙዚንግ።

ሁለቱም ሥራዎችን ከቀን ወደ ቀን እያዛወሩ ጭነትን ያስተካክላሉ። የሚለያዩት እንዳይነካ በሚጠብቁት ነገር ነው። ስሙዚንግ የሚጠብቀው የፕሮጀክቱን ማብቂያ ቀን ነው። ሥራዎች የሚዛወሩት ማብቂያውን እስካላዘገዩ ድረስ ብቻ ነው፤ በዚህ ገደብ ውስጥ ሊቃለል ያልቻለ ጭነት ካለ ባለበት ይቀራል። ሌቨሊንግ ደግሞ የሚጠብቀው የሠራተኛውን አቅም ነው። ማንም ከቀን አቅሙ በላይ አይመደብም፤ ለዚህ ሲባል ማብቂያው ቀን መግፋት ካለበት ይገፋል።

ዕቅዱ ሠራተኛውን የማይቆጥረው ለምንድን ነው?

ከአቅም በላይ ምደባ ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ከዕቅድ አውጪው ቸልተኝነት ሳይሆን ከስሌቱ አሠራር ነው። ዛሬ በየፕሮጀክቱ የሚሠራበት የወሳኝ መስመር ስሌት፣ በተለምዶ ክሪቲካል ፓዝ የሚባለው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የተቀመረ ነው። የቀመሩትም የኬሚካል ኩባንያው የዱፖንት ባልደረባ ሞርጋን ዎከርና የኮምፒውተር አምራቹ የሬሚንግተን ራንድ ባልደረባ ጄምስ ኬሊ ናቸው። ስሌቱ በመሠረቱ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ ስንት ቀን እንደሚፈጅና ከእርሱ በፊት ምን ማለቅ እንዳለበት። ሥራውን ማን እንደሚሠራው አይጠይቅም። ስለዚህ ሦስት ሥራዎች አንድ ሥራ እስኪያልቅ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ሦስቱንም የሚሠራቸው አንድ ሰው ቢሆንም እንኳ ስሌቱ ሦስቱን በአንድ ቀን ያስጀምራቸዋል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ወሳኙ መስመር ነው። ይህ ከፕሮጀክቱ መጀመሪያ እስከ ማብቂያው ተያይዘው ከሚሄዱት የሥራ ሰንሰለቶች ሁሉ ረጅሙ ሲሆን፣ በላዩ ካሉት ሥራዎች አንዱ በ1 ቀን ቢዘገይ መላው ፕሮጀክት በ1 ቀን ይዘገያል። ሁለተኛው ፋታ ነው፤ መሐንዲሶች ፍሎት ይሉታል። ፋታ ማለት አንድ ሥራ ማብቂያውን ቀን ሳያናጋ ስንት ቀን ሊዘገይ እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር ነው። በወሳኙ መስመር ላይ ያሉ ሥራዎች ፋታቸው ዜሮ ነው፤ ከመስመሩ ውጭ ያሉት ጥቂት ወይም ብዙ ቀናት ይኖራቸዋል። ስሙዚንግ የሚሠራው በዚህ ፋታ ብቻ ነው። ሌቨሊንግ ፋታው ካለቀም በኋላ ይቀጥላል።

ምሳሌ፦ አንድ ኤሌክትሪሺያን ያለው የክሊኒክ ዕድሳት

በኪራይ ቤት ውስጥ ሊከፈት የታሰበ አነስተኛ ክሊኒክ ለምሳሌ ይወሰድ። ቤቱ ይታደሳል፤ ግድግዳው ውስጥ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል፣ ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል። ለላቦራቶሪውና ለመታጠቢያ ቤቱ ወለሉ ተቆፍሮ የኤሌክትሪክ ቱቦ ይቀበራል፤ ከዚያ የፍሳሽ ቧንቧ ተዘርግቶ ወለሉ ይሞላል፣ ሴራሚክም ይነጠፋል። ከውጭ ደግሞ ከጄኔሬተሩ ወደ ቤቱ የሚገባ መስመር ይዘረጋል። በመጨረሻ መብራቶችና ሶኬቶች ተገጥመው ሁሉም ይፈተሻል።

ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢው፣ የቧንቧ ሠራተኛውና ሴራሚክ አንጣፊው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ ግን አንድ ነው፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ይሠራል። በሠንጠረዡ ውስጥ የኮከብ ምልክት ያለባቸው አራቱ ሥራዎች የእርሱ ናቸው። ቁጥሮቹ የሥራ ቀናትን ያመለክታሉ፤ ቀን 1 ሰኞ ነው።

| ሥራ | የሚፈጀው | ቀድሞ ማለቅ ያለበት | የመጀመሪያው ዕቅድ | ፋታ |
|---|---|---|---|---|
| ማፍረስና ማጽዳት | 2 ቀን | የለም | ቀን 1–2 | 0 |
| የግድግዳ መስመር ★ | 4 ቀን | ማፍረስ | ቀን 3–6 | 0 |
| ልስን | 4 ቀን | የግድግዳ መስመር | ቀን 7–10 | 0 |
| ቀለም | 3 ቀን | ልስን | ቀን 11–13 | 0 |
| የወለል ቱቦ ★ | 2 ቀን | ማፍረስ | ቀን 3–4 | 1 |
| ቧንቧና የወለል ሙሌት | 5 ቀን | የወለል ቱቦ | ቀን 5–9 | 1 |
| ሴራሚክ ንጣፍ | 3 ቀን | የወለል ሙሌት | ቀን 10–12 | 1 |
| የጄኔሬተር መስመር ★ | 3 ቀን | ማፍረስ | ቀን 3–5 | 8 |
| ገጠማና ፍተሻ ★ | 2 ቀን | ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የጄኔሬተር መስመር | ቀን 14–15 | 0 |

ወሳኙ መስመር ማፍረስ፣ የግድግዳ መስመር፣ ልስን፣ ቀለም፣ ገጠማ ነው። የእነዚህ ሥራዎች ቀናት ሲደመሩ 15 ይሆናሉ፤ ስለዚህ ክሊኒኩ በቀን 15፣ ማለትም በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ማታ ተጠናቆ ይጠበቃል። የወለሉ ሰንሰለት የሚያበቃው በቀን 12 ስለሆነ 1 ቀን ፋታ አለው። የጄኔሬተሩ መስመር በቀን 5 ቢያልቅም የሚፈለገው ገጠማው በቀን 14 ሲጀምር ነው፤ እስከ ቀን 13 መቆየት ይችላል፤ ፋታውም 8 ቀን ነው።

ጭነቱን በየቀኑ መቁጠር

የኤሌክትሪሺያኑ አራት ሥራዎች ሲደመሩ 11 ቀን ወይም 88 ሰዓት ይሆናሉ። በ15 ቀን ውስጥ ያለው አቅም 120 ሰዓት ነው። ጥቅል ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ኤሌክትሪሺያኑ ከአቅሙ 73 በመቶ ያህል ብቻ እንደተያዘና እንዲያውም ክፍት ጊዜ እንዳለው ይደመድማል። በየቀኑ ሲቆጠር ግን ሥዕሉ ሌላ ነው። በቀን 3 እና በቀን 4 ሦስቱም ሥራዎች ስለሚገጣጠሙ በየቀኑ 24 ሰዓት ተይዞለታል። በቀን 5 የ16 ሰዓት ሥራ አለበት። በቀን 6 ብቻ 8 ሰዓት ይሆናል። ከቀን 7 እስከ ቀን 13 ደግሞ ምንም ሥራ የለውም።

ከአቅም በላይ ምደባ ሳይታይ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው። የወር ወይም የፕሮጀክት ድምር ጤናማ እየመሰለ የቀኑ ጭነት ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማንኛውም ማስተካከያ በፊት ለእያንዳንዱ ብርቅ ባለሙያ በአግድም ቀናቱ፣ በቁመት ሰዓቱ የሚታይበት የዓምድ ግራፍ ይሠራል፤ የ8 ሰዓቱ መስመርም ይሰመርበታል። ከመስመሩ በላይ የወጣው ዓምድ ሥራው፣ ከመስመሩ በታች ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ሥራው ሊዛወርበት የሚችለው ስፍራ ነው።

ስሙዚንግ፦ ማብቂያው ሳይነካ

ስሙዚንግ የሚጀምረው ብዙ ፋታ ካለው ሥራ ነው። በምሳሌው ይህ የጄኔሬተሩ መስመር ነው። ከቀን 3–5 ወደ ቀን 7–9 ይዛወራል፤ ኤሌክትሪሺያኑ በእነዚያ ቀናት ሥራ የለውም፣ ከእርሱ ሥራ ቀጥሎ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ገጠማው ብቻ ነው። ማብቂያው ቀን 15 እንደሆነ ይቆያል። የሥራው ፋታ ከ8 ወደ 4 ቀን ይወርዳል።

ሥራውን እስከ ቀን 11–13 ማግፋትም ይቻል ነበር፤ ማብቂያው በዚያም አይነካም። ነገር ግን ያኔ ፋታው ሙሉ በሙሉ ያልቃል፤ ኬብሉ ከገበያ ቢጠፋ ወይም ዝናብ ቁፋሮውን ቢያስቆመው የ1 ቀን መዘግየት በቀጥታ የክሊኒኩን መጠናቀቅ ያዘገየዋል። በስሙዚንግ የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው። ማብቂያው ቀን በወረቀት ላይ ባይለወጥም ለድንገተኛ ነገር የተተወው ቦታ ይጠባል። ስለዚህ ሥራው ጭነቱን ለማቃለል ከሚበቃው በላይ አይገፋም፤ የመጀመሪያው ክፍት ቦታ ይመረጣል።

ይህ ከተደረገ በኋላ የኤሌክትሪሺያኑ ጭነት በቀን 3 እና 4 ከ24 ወደ 16 ሰዓት፣ በቀን 5 ከ16 ወደ 8 ሰዓት ይወርዳል። መሻሻሉ ትልቅ ነው፤ ችግሩ ግን አልተፈታም። የቀረው ግጭት በግድግዳው መስመርና በወለሉ ቱቦ መካከል ነው። የግድግዳው መስመር ከቀን 3 እስከ 6 ነው፤ ፋታ ስለሌለው አይነቃነቅም። የወለሉ ቱቦ ያለው ፋታ 1 ቀን ብቻ ነው። ወደ ቀን 4–5 ቢዛወር ግጭቱ በ1 ቀን ይንሸራተታል እንጂ አይጠፋም፤ የ16 ሰዓቱ ጭነት በቀን 4 እና 5 ይሆናል።

ይህን የ1 ቀን ፋታ በከንቱ አለመብላትም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ፋታው የወለሉ ቱቦ ብቻ አይደለም። ቱቦው፣ ሙሌቱና ሴራሚኩ በአንድ ሰንሰለት ስለተያያዙ ሠንጠረዡ በሦስቱም አጠገብ 1 ብሎ ቢጽፍም ሦስቱ የሚካፈሉት አንድ ቀን ነው። ቱቦው ከወሰደው ለሴራሚኩ የሚቀር የለም። የጄኔሬተሩ ፋታ ግን የራሱ ብቻ ነበር፤ መዛወሩ ማንንም አላስነሳም። ልምድ ያለው ዕቅድ አውጪ መጀመሪያ ወደ እንዲህ ያለው የብቻ ፋታ፣ ቀጥሎ ብቻ ወደ ጋራው የሚሄደው ለዚህ ነው።

ስሙዚንግ እዚህ ላይ አቅሙ ያበቃል። ማብቂያውን ቀን ጠብቆ ሊያደርግ የሚችለውን አድርጓል፤ ኤሌክትሪሺያኑ ግን አሁንም ለሁለት ቀን እጥፍ ጭነት አለበት።

ሌቨሊንግ፦ አቅሙ ሳይነካ

በሌቨሊንግ ጥያቄው ይለወጣል። ኤሌክትሪሺያኑ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንደማይሠራ ተወስዶ፣ ከግድግዳው መስመርና ከወለሉ ቱቦ የትኛው ይቅደም የሚለው ይመረመራል።

ብዙዎች የሚከተሉት ቀላል ደንብ በወሳኙ መስመር ላይ ያለው ሥራ ይቅደም፣ ፋታ ያለው ይጠብቅ ይላል። በዚህ ደንብ የግድግዳው መስመር ከቀን 3 እስከ 6 ይሠራል፤ የወለሉ ቱቦ በቀን 7–8 ይከተላል። ቧንቧውና ሙሌቱ ቀን 9–13፣ ሴራሚኩ ቀን 14–16 ይሆናሉ። ገጠማው ሴራሚኩን ስለሚጠብቅ ወደ ቀን 17–18 ይገፋል። ፕሮጀክቱ በ18 ቀን ያልቃል፤ መዘግየቱ 3 ቀን ነው።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ውጤቱ ይሻላል። የወለሉ ቱቦ በቀን 3–4 ይሠራል፤ የግድግዳው መስመር ከቀን 5 እስከ 8 ይሆናል። ልስኑ ቀን 9–12፣ ቀለሙ ቀን 13–15፣ ገጠማው ቀን 16–17 ላይ ያርፋሉ። የወለሉ ሰንሰለት እንደ መጀመሪያው ዕቅድ በቀን 12 ያልቃል። ፕሮጀክቱ በ17 ቀን፣ በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ያበቃል፤ መዘግየቱ 2 ቀን ነው።

ወሳኙ ሥራ መጠበቁ ለምን ተሻለ? ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ ሥራ ሲጠብቅ ፕሮጀክቱ የሚዘገየው ሥራው በጠበቀባቸው ቀናት ልክ ሆኖ ፋታው ይቀነስለታል። የወለሉ ቱቦ የግድግዳውን መስመር ቢጠብቅ 4 ቀን ይቆያል፤ 1 ቀን ፋታ ስላለው ፕሮጀክቱ በ3 ቀን ይዘገያል። የግድግዳው መስመር ቱቦውን ቢጠብቅ የሚቆየው 2 ቀን ብቻ ነው፤ ፋታ ስለሌለው ፕሮጀክቱ በ2 ቀን ይዘገያል። አጭሩ ሥራ መቅደሙ ረጅሙን ብዙ አያስጠብቀውም። ፋታን ብቻ የሚያይ ደንብ የሚጠበቀውን ሥራ ርዝመት ይረሳል፤ ስለዚህ በጥቂት ሥራዎች ላይ ሁለቱንም አማራጮች እስከ መጨረሻው ማስላት ደንብን በጭፍን ከመከተል ይሻላል።

በአንድ ኤሌክትሪሺያን ከ17 ቀን ማሳጠር ይቻል እንደሆነም ማረጋገጥ ቀላል ነው። የግድግዳው መስመርና የወለሉ ቱቦ በድምሩ የ6 ቀን ሥራ ናቸው፤ ከቀን 3 በፊት አይጀመሩም፤ ስለዚህ ሁለቱም የሚያልቁት ቢፈጥን በቀን 8 ነው። በመጨረሻ ያለቀው የግድግዳው መስመር ከሆነ ማብቂያው ቀን 17፣ የወለሉ ቱቦ ከሆነ ቀን 18 ነው። አንዱን ሥራ ከፋፍሎ በሌላው መካከል ማስገባትም ይህን ውጤት አይለውጥም፤ መሣሪያ ማንሳትና መዘርጋት ብቻ ይጨምራል።

ሌቨሊንጉ ካለቀ በኋላ የጄኔሬተሩ መስመር ቦታ እንደገና ይታያል። በቀን 7–9 የነበረው አሁን ከግድግዳው መስመር ጋር ስለሚጋጭ ወደ ቀን 9–11 ይሄዳል። ገጠማው በቀን 16 ስለሚጀምር አሁንም 4 ቀን ፋታ አለው። ኤሌክትሪሺያኑ ከቀን 3 እስከ ቀን 11 ሳያቋርጥ በየቀኑ 8 ሰዓት ይሠራል፤ ከቀን 12 እስከ 15 ሌላ ሥራ ሊይዝ ይችላል፤ በቀን 16 ለገጠማው ይመለሳል። ሁለቱ ዘዴዎች በተግባር የሚደጋገፉት እንዲህ ነው። ሌቨሊንግ አዲሱን ማብቂያ ቀን ይወስናል፤ ስሙዚንግ በዚያ ቀን ውስጥ የቀሩትን ሥራዎች ያደላድላል።

ወሳኙ መስመር ሲቀየር

ከሌቨሊንግ በኋላ የሚቀየረው ማብቂያው ቀን ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዕቅድ የወለሉ ቱቦ ከወሳኙ መስመር ውጭ ነበር። አሁን የግድግዳው መስመር እርሱን ስለሚጠብቅ ረጅሙ ሰንሰለት ማፍረስ፣ የወለል ቱቦ፣ የግድግዳ መስመር፣ ልስን፣ ቀለም፣ ገጠማ ሆኗል፤ ድምሩም 17 ቀን ነው። ቱቦው 1 ቀን ቢዘገይ ክሊኒኩ 1 ቀን ይዘገያል። በአንጻሩ ሙሌቱና ሴራሚኩ በቀን 12 አልቀው እስከ ቀን 15 መቆየት ስለሚችሉ ፋታቸው ከ1 ወደ 3 ቀን አድጓል። በስሙዚንግ ግን ወሳኙ መስመር ባለበት ይቆያል፤ የሚለወጠው የሌሎቹ ሥራዎች ፋታ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር አለ። በወለሉ ቱቦና በግድግዳው መስመር መካከል ምንም የቴክኒክ ጥገኝነት የለም፤ ያያያዛቸው አንድ ሰው መሆኑ ብቻ ነው። ይህ ማያያዣ በዕቅዱ ላይ ካልተጻፈ ተቆጣጣሪው ዓይኑን በአሮጌው ወሳኝ መስመር ላይ እንደተከለ ይቀራል፤ ቱቦው ሲጓተት እያየ ፋታ ያለው ይመስለዋል። እስራኤላዊው የፊዚክስ ሰው ኤሊያሁ ጎልድራት በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው «ክሪቲካል ቼይን» በተሰኘው መጽሐፉ የተከራከረለት ይህንኑ ነበር፤ የፕሮጀክትን ርዝመት የሚወስነው ሥራዎቹ በቴክኒክ የሚጠባበቁበት ሰንሰለት ብቻ ሳይሆን በሰውና በመሣሪያ እጥረት የሚጠባበቁበትም ጭምር ነው።

ቀኑም አቅሙም የማይነካ ሲሆን

የክሊኒኩ ባለቤት ሁለት ቀን መዘግየትን አልቀበልም ካሉ ሥራ ማዛወር ብቻውን መፍትሔ አይሰጥም። ያኔ የሚለወጠው አቅሙ ነው፤ ይህም ሁለት መንገድ አለው።

የመጀመሪያው የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። ከቀን 3 እስከ 6 ባሉት 4 ቀናት የ6 ቀን ሥራ መጨረስ ማለት 48 ሰዓት በ4 ቀን፣ በየቀኑም 12 ሰዓት መሥራት ነው። የትርፍ ሰዓቱ በቀን 4፣ በአራት ቀን 16 ሰዓት ይሆናል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስናል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራንም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። እነዚህ አራት ቀናት ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚውሉ የተቀጠረ ሠራተኛን 16 ሰዓት ትርፍ ማሠራት ከገደቡ በላይ ነው። በተጨማሪም ደክሞ የሚሠራ ኤሌክትሪሺያን ልስን ከመሸፈኑ በፊት ያልታየ ስህተት ቢተው ግድግዳው እንደገና ይፈረሳል።

ሁለተኛው መንገድ ለወለሉ ቱቦ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ለ2 ቀን መቅጠር ነው። ያኔ ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የጄኔሬተሩ መስመር በስሙዚንጉ መሠረት በቀን 7–9 ይቆያል፤ ፕሮጀክቱም በቀን 15 ያልቃል። ክፍያው በቀን ሒሳብ ከሆነ የኤሌክትሪክ ሥራው ጠቅላላ ወጪ ብዙም አይጨምርም፤ 11 የሥራ ቀን የነበረው አሁንም 11 ነው፣ ለሁለት ሰው ተከፋፈለ እንጂ። የሚጨምረው ሰውየውን የመፈለግ፣ ሥራውን የማስረዳትና የሠራውን የመፈተሽ ጣጣ ነው። ይህ ከሁለት ቀን የቤት ኪራይና ከዘገየ የክሊኒክ መክፈቻ ጋር ተነጻጽሮ ይወሰናል። ለማነጻጸር የሚያስችለው ግን ሌቨሊንጉ የመዘግየቱን ልክ በቁጥር ማሳየቱ ነው።

ሶፍትዌሩ የሚያደርገውና የማያደርገው

እንደ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ያሉ የዕቅድ ሶፍትዌሮች ከአቅም በላይ የተመደበ ሠራተኛ ያለበትን ሥራ በቀይ የሰው ምልክት ያሳያሉ፤ `Level All` የሚለው ትእዛዝም ሥራዎቹን በራሱ ያዛውራል። በ`Leveling Options` መስኮት ውስጥ `Level only within available slack` የሚል ሳጥን አለ። ይህ ሳጥን ምልክት ሲደረግበት ፕሮግራሙ ከፋታ ውጭ አይወጣም፤ ማለትም የሚሠራው ስሙዚንግ ነው፤ ሊፈታው ያልቻለውን ግጭትም ያሳውቃል። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ማብቂያውን ቀን ሊገፋ ይችላል። ሁለቱም በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ ማብቂያው ሳይታሰብ የተገፋበት ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ሳጥን ነው።

ፕሮግራሙ የቱን ሥራ እንደሚያዘገይ የሚመርጠው እንደ ቅደም ተከተል፣ ፋታ፣ ቀንና ቅድሚያ ያሉ መመዘኛዎችን አይቶ በደንብ ነው፤ ሁሉንም አማራጮች አስልቶ ምርጡን አያወጣም። ስለዚህ በክሊኒኩ ምሳሌ የ18 ቀኑን ዕቅድ ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ለወለሉ ቱቦ በ`Priority` ዓምድ ከ500 ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጠዋል፤ 500 ለሁሉም ሥራ መጀመሪያ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ከዚያ `Priority, Standard` የሚለው ቅደም ተከተል ተመርጦ ስሌቱ ይደገማል። ከትእዛዙ በፊት የዕቅዱን ቅጂ ማስቀመጥም ይጠቅማል፤ የተዛወሩትን ሥራዎች ከቀድሞ ቦታቸው ጋር ለማነጻጸር ያመቻል።

ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ረቡዕ ረቡዕ ሌላ ቦታ የሚሠራ ከሆነና ይህ በቀን መቁጠሪያው ላይ ካልተመዘገበ፣ የተመጣጠነ የሚመስለው ዕቅድ በመጀመሪያው ረቡዕ ይፈርሳል። በሌላ በኩል አንድ ሥራ ሙሉ ቀን ተብሎ ቢመዘገብም በእውነት ሁለት ሰዓት ብቻ የሚወስድ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የሌለ ግጭት ፈጥሮ ማብቂያውን በከንቱ ይገፋል። ማንኛውም ዝውውር ከመደረጉ በፊት ሥራውን ከሚሠራው ሰው ጋር የቀናቱንና የሰዓቱን እውነትነት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የትኛው መቼ?

ምርጫው የሚጀምረው ከሁለቱ የትኛው እንደማይለወጥ በመጠየቅ ነው። በውል የተቆረጠ ርክክብ፣ የትምህርት መክፈቻ ወይም የፈተና ቀን ካለ ማብቂያው ቀን አይነካም፤ ስሙዚንግ ይሠራል፤ የቀረው ጭነት ደግሞ በተጨማሪ ሰው ወይም ሥራን በመቀነስ ይሸፈናል። የሚተካ ባለሙያ ከሌለ፣ ወይም ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ ከሆነ አቅሙ አይነካም፤ ሌቨሊንግ ይሠራል፤ አዲሱ ቀንም በግልጽ ይነገራል።

የመወሰን ሥልጣንም በዚሁ ይለያል። ስሙዚንግ ለሌላ ሰው የተሰጠን ቃል ስለማይለውጥ የፕሮጀክቱ ኃላፊ በራሱ ሊያደርገው ይችላል። ሌቨሊንግ ግን የማብቂያውን ቀን ሊለውጥ ስለሚችል፣ ውጤቱ ከመጽደቁ በፊት የፕሮጀክቱ ባለቤት አይቶ ሊስማማበት ይገባል። በክሊኒኩ ምሳሌ ለባለቤቱ የሚቀርበው ምርጫ ግልጽ ነው፤ አንድ ኤሌክትሪሺያንና 17 ቀን፣ ወይም ሁለተኛ ኤሌክትሪሺያን ለ2 ቀንና 15 ቀን። አንድ ኤሌክትሪሺያንና 15 ቀን የሚል ሦስተኛ ምርጫ የለም፤ ያለ ማስመሰል የመጀመሪያው ዕቅድ ስህተት ነበር።